መንታ በዘር የሚሄደው በማን በኩል ነው?

ጥያቄ፦ «ባለቤቴና እህቱ መንታ ናቸው። የባለቤቴ አያትም በእናቱ በኩል መንታ ወልደው ነበር። አማቴ ‹በዘራችን ስላለ አንቺም መንታ ነው የምትወልጂው› ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ወንድ ልጆች አሏት፤ በቤተሰቧ ግን መንታ ተሰምቶ አያውቅም። እሷ ከየት አመጣችው? እኔስ ተዘጋጅቼ ልጠብቅ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ዋናውን ነገር ልንገርሽና ወደ ምክንያቱ እንሂድ። ባለቤትሽ መንታ መሆኑ አንቺ መንታ የመውለድ ዕድልሽን አይጨምረውም። አማትሽ ግን ዝም ብለው አልተናገሩም። በእሳቸው ቤተሰብ በእርግጥ የሚወረስ ነገር ሊኖር ይችላል። የሳቱት የሚሄድበትን መንገድ ነው። ያ ነገር የሚሠራው በምታረግዘው ሴት አካል ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአንቺ ይልቅ የሚመለከተው የባለቤትሽን መንታ እህት ነው። ወደፊት ሴት ልጅ ከወለድሽም እሷን።

በአማርኛ ሁሉንም መንታ እንላቸዋለን። እኔ በማህፀንና ጽንስ ሕክምና ስሠራ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ነው የማያቸው። መነሻቸው አይገናኝም። አንዱ በቤተሰብ ይሄዳል፣ ሌላው አይሄድም። የአንቺም ጥያቄ የተወሳሰበው አማትሽና ጎረቤትሽ የተለያየ ዓይነት መንታ ስለወለዱ ነው።

ከአማትሽ ልጀምር። ወንድና ሴት መንታ ከሆኑ፣ እጅግ በጣም ብርቅ የሆኑ አጋጣሚዎች ካልሆኑ በቀር፣ ምርመራ ሳያስፈልግ ከሁለት እንቁላል የመጡ ናቸው ማለት ይቻላል። በዚያ ወር ከአማትሽ ሁለት እንቁላሎች ወጡ። እያንዳንዱ እንቁላል የራሱን የወንድ ዘር አገኘ። ሁለት ጽንስ ተፈጠረ። ባለቤትሽና እህቱ በዘር ረገድ የሚቀራረቡት ማንኛውም ወንድምና እህት በሚቀራረበው ልክ ነው፤ በአማካይ ግማሽ ያህል። ልዩነቱ ዘጠኙን ወር አብረው መቆየታቸው ብቻ ነው። ያዕቆብና ኤሳውን አስታውሺ። ኦሪት ዘፍጥረት ኤሳው ቀይና ጠጉራም ሆኖ እንደተወለደ፣ ያዕቆብ ግን ለስላሳ እንደነበረ ይናገራል። ሁለት እንቁላል ማለት እንዲህ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነገር ላይ ያርፋል። አንዲት ሴት ለምን በአንድ ወር ሁለት እንቁላል ትለቃለች? ይህ ከገባሽ የዘሩ ነገር ራሱ ይፈታልሻል።

ብዙዎቻችን ሰውነት በየወሩ አንድ እንቁላል ብቻ መርጦ የሚያሳድግ ይመስለናል። እውነታው ሌላ ነው። የወር አበባ በሚመጣበት ሰሞን በሁለቱም ኦቫሪዎች ውስጥ ብዙ ትንንሽ የውሃ ከረጢቶች አብረው ማደግ ይጀምራሉ። ፎሊክል ይባላሉ። በእያንዳንዱ ፎሊክል ውስጥ አንድ እንቁላል አለ። ሁሉም ተስፋ ያላቸው ናቸው። የሚያሳድጋቸው ኤፍኤስኤች የሚባል ሆርሞን ነው። እሱ የሚመነጨው ከአንጎል ሥር ካለች፣ የሽምብራ ፍሬ ከምታክል ፒቱታሪ ከምትባል እጢ ነው። ከዚያ በደም ተጉዞ ኦቫሪ ይደርሳል።

ከፎሊክሎቹ አንዱ ሌሎቹን ይቀድማል። ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ኢስትሮጅንና ኢንሂቢን የተባሉ ሆርሞኖችን እየጨመረ መልቀቅ ይጀምራል። እነሱ ወደ ላይ ተመልሰው ፒቱታሪን «ይበቃል፣ ቀንሺ» ይሏታል። እሷም ትቀንሳለች። ኤፍኤስኤች ሲቀንስ ታዲያ ሁሉም ፎሊክል እኩል አይጎዳም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የውሃው ግፊት ጥሩ ሲሆን ሁሉም ፎቅ ይደርሰዋል። ግፊቱ ሲወርድ አራተኛ ፎቅ ያለው ቧንቧ ይደርቃል፣ ምድር ላይ ያለው ግን አሁንም ይቀዳል። የቀደመው ፎሊክል ምድር ላይ እንዳለው ቤት ነው። ሲያድግ ሆርሞኑን የሚቀበልባቸው በሮች ስለሚበዙለት በትንሽ ኤፍኤስኤችም ይኖራል። ሌሎቹ ግን ላይኛው ፎቅ ላይ ናቸው። ግፊቱ ሲወርድ ይደርቁና ይጠፋሉ። አሸናፊው እስከ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድግና ይፈነዳል፣ እንቁላሉም ወደ ማህፀን ቱቦ ይገባል። በአብዛኛው አንድ ልጅ የምንወልደው በዚህ ምክንያት ነው። የሆርሞኑ ቶሎ መውረድ ሁለተኛውን ስለሚያስቀረው።

የማይመሳሰሉ መንታ የሚፈጠሩት ይህ ማስቀረት ሳይሳካ ሲቀር ነው። ሊሳሳት የሚችለውም በሁለት በኩል ነው። አንደኛ፣ ፒቱታሪ ኤፍኤስኤችን ከወትሮው በላይ ታመነጫለች ወይም ለመቀነስ ትዘገያለች፤ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ እስኪደርስ ይቆያል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የሆርሞኑ መጠን ያው ሆኖ ኦቫሪው ራሱ በትንሹም ቶሎ የሚነሳ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ሁለተኛው ፎሊክል ይተርፋል። ሁለቱ ተከታትለው ይፈነዳሉ። ሁለት እንቁላል ከወንድ ዘር ጋር ለመገናኘት ዝግጁ ይሆናል።

አሁን ወደ ዘሩ እንምጣ። በፈረንጆቹ 2016 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ነበር። ከኔዘርላንድስ፣ ከአውስትራሊያና ከአሜሪካ ያለ ምንም የመውለጃ መድኃኒት የማይመሳሰሉ መንታ የወለዱ 1980 እናቶች ተወሰዱ። ዲኤንኤያቸው ከብዙ ሺህ ሌሎች ሰዎች ዲኤንኤ ጋር ተነጻጸረ። ውጤቱ በአይስላንድ መረጃ ላይም ተፈተሸ። ጎልተው የወጡት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንዱ ኤፍኤስኤችን ራሱን ለመሥራት መመሪያ ከሚሰጠው ጂን አጠገብ ያለ ነው። ሌላው ስማድ3 የሚባል ጂን ውስጥ ነው፤ እሱ ኦቫሪ ለኤፍኤስኤች ከሚሰጠው ምላሽ ጋር የተያያዘ ነው። ልብ ብለሽ ካየሽው አንዱ የግፊቱ ነገር ነው፣ ሌላው የቧንቧው። ቅድም ካልኳቸው ሁለት በኩሎች ጋር ይገጥማሉ። እኔ ይህን ጥናት ሳነብ በጣም ነው የተደሰትኩት፣ ምክንያቱም በክሊኒክ ለዓመታት ስናየው የነበረውን ነገር በጂን ደረጃ ያረጋገጠ ነበር።

ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «የመንታ ጂን» የሚባል አንድ ነጠላ ነገር የለም። ሁለቱንም ልዩነቶች የያዘች ሴት ከማይዙት ጋር ስትነጻጸር ዕድሏ የሚጨምረው 30 በመቶ አካባቢ ነው። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ከ1000 ወሊድ 13 የነበረው ወደ 17 ይጠጋል እንጂ በየወሊዱ መንታ ይሆናል ማለት አይደለም። ከእነዚህ ሌላ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ የሚገፉ ጂኖች አሉ። በአንዳንድ ቤተሰብ ብዙዎቹ አንድ ላይ ይገጥማሉ፣ ያኔ ነው «ዘራችን መንታ ነው» የሚባለው።

ባለቤትሽ የት እንደሚገባ አሁን ማየት ትችያለሽ። እነዚህን ጂኖች ወንድም ይወርሳል። ባለቤትሽ ከእናቱ ሊወስዳቸው ይችላል፤ ከእያንዳንዱ ልዩነት አንጻር ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ነገር ግን እሱ ኦቫሪ የለውም። እንቁላል አይለቅም። ከእሱ የሚመጣው የወንድ ዘር ሁልጊዜም በሚሊዮን የሚቆጠር ስለሆነ የጎደለው ነገር የወንድ ዘር ሆኖ አያውቅም። የሚጎድለው ሁለተኛው እንቁላል ነው። እሱን ደግሞ የሚወስነው የአንቺ ፒቱታሪና የአንቺ ኦቫሪ ነው። የሱ ቤተሰብ ጂን በአንቺ ሰውነት ውስጥ የለም። ስለዚህ በአንቺ እርግዝና ላይ ምንም አይሠራም።

ግን ለሴት ልጁ ሊያወርሰው ይችላል። «መንታ አንድ ትውልድ ይዘላል» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ሕግ አይደለም፣ ግን የመጣበት አለው። ሴትዮዋ መንታ ትወልዳለች፣ ወንድ ልጇ በውስጡ ይዞት ሳይታይ ይኖራል፣ የእሱ ሴት ልጅ ደግሞ መንታ ትወልዳለች። ከውጭ ለሚያይ ሰው የዘለለ ይመስላል። ምንም አልዘለለም፣ ወንዱ ላይ ሲደርስ ስለማይታይ ነው እንጂ። በአንቺም ቤት ሴት ልጅ ብትወልጂ፣ ከአማትሽ ያንን ነገር በአባቷ በኩል የማግኘት ዕድሏ ለእያንዳንዱ ልዩነት አንድ አራተኛ ነው።

ቁጥሩን በአንቺ ቤተሰብ ላይ አብረን እንሥራው። በአፍሪካ በአማካይ ከ1000 ወሊድ 17 ያህሉ መንታ ነው። ከእነዚህ 4ቱ ገደማ የሚመሳሰሉ ናቸው፣ 13ቱ የማይመሳሰሉ። የአንቺ መነሻ ይህ ነው፤ 17 ከ1000። የባለቤትሽ ቤተሰብ በዚህ ላይ አይጨምርም። አሁን የባለቤትሽን እህት ውሰጂ። እናቷ የማይመሳሰሉ መንታ ወልዳለች። እንዲህ ባለ ቅርብ ዝምድና ዕድሉ በግምት እጥፍ ይሆናል። 13ቱ 26 ይሆናል። 4ቱ አይለወጥም። ድምሩ 30 ከ1000 ነው። ያም ሆኖ 970ው ወሊድ የአንድ ልጅ ነው። «በዘር አለ» ማለት ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ታያለሽ። ዕድሉ በእርግጥ ከፍ ይላል፣ ግን መንታ ይመጣል ተብሎ ሁለት አልጋ የሚገዛበት አይደለም።

የአማትሽ እናትም መንታ መውለዳቸው ነገሩን ያጠናክረዋል? ይህን ለመመለስ አንድ ነገር ጠይቂያቸው። እነዚያ መንታዎች ወንድና ሴት ነበሩ? ወይስ ሁለቱም አንድ ጾታ ሆነው ሰው የማይለያቸው? ወንድና ሴት ከነበሩ፣ ወይም አንድ ጾታ ሆነው በግልጽ የሚለያዩ ከነበሩ፣ በሁለት ትውልድ ሁለት እንቁላል የመልቀቅ ዝንባሌ ታይቷል ማለት ነው። የባለቤትሽ እህት ዕድል ከ30ው ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ሰው የማይለያቸው ከነበሩ ግን ያ መንታ ከዚህ ዘር ጋር ላይገናኝ ይችላል። በቤተሰብ ታሪክ ላይ በብዛት የማየው ስህተት ይህ ነው። መንታ የተባለውን ሁሉ አንድ ላይ ይቆጥሩታል። ከአባት በኩል ያለውን ከእናት በኩል ካለው ጋር ይደምሩታል። በመድኃኒት የመጣውንም ይጨምሩበታል።

መድኃኒት ካልኩ ላስረዳ። ልጅ ለማግኘት የተቸገሩ ሴቶች ክሎሚፊን የሚባል እንክብል ይሰጣቸዋል። እሱ አንጎልን ኢስትሮጅን አነስተኛ እንደሆነ አድርጎ ያሳየዋል፣ ፒቱታሪም ኤፍኤስኤች ትጨምራለች። መርፌ ሆኖ በቀጥታ የሚሰጥ ኤፍኤስኤችም አለ። ሁለቱም ያንኑ ግፊት ነው የሚያነሱት፤ መንታ የሚበዛባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ አክስትሽ በዚህ ሕክምና መንታ ከወለደች ለእህቶቿና ለልጆቿ የሚተላለፍ ነገር አለ ማለት አይቻልም። ሰዎች ግን ሕክምናውን ስለሚደብቁት የቤተሰቡ ታሪክ ይጣመማል። ይህን በግልጽ መነጋገር ቢለመድ ጥሩ ነበር እላለሁ።

ለአንቺ ግን ከባልሽ ዘር በላይ የሚያሳስብ ነገር አለ። የራስሽ እናት፣ የእናትሽና የአባትሽ እናቶች፣ እህቶችሽ የማይመሳሰሉ መንታ ወልደዋል? ጥያቄው መሆን የነበረበት ይህ ነው። የአባትሽም እናት ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ አባትሽ ሳይታይበት ይዞ ሊሰጥሽ ይችላል። ሁለተኛው ዕድሜሽ ነው። ብዙ ሰው ዕድሜ ሲጨምር እንቁላል ይቀንሳልና መንታም መቀነስ አለበት ብሎ ያስባል። የማይመሳሰሉት መንታዎች ግን የሚበዙት ከ35 እስከ 39 ዓመት ባሉት እናቶች ነው። ምክንያቱ ያው የኤፍኤስኤች ታሪክ ነው። በኦቫሪ የቀሩት ፎሊክሎች ሲያንሱ የሚለቁት ኢንሂቢን ያንሳል። ፒቱታሪን የሚያስቆማት ስለሚጠፋ ኤፍኤስኤች ከፍ ይላል። ስለዚህ ሁለት እንቁላል የሚለቀቅበት ወር ይበዛል። ከ40 በኋላ ግን የእንቁላሎቹ ጥራት ስለሚያሸንፍ ቁጥሩ ይመለሳል። ቁመታቸውና ክብደታቸው ከፍ ያሉ፣ ብዙ የወለዱ ሴቶችም ላይ ትንሽ ይበዛል። አማትሽ መንታዎቹን ሲወልዱ ስንት ዓመታቸው እንደነበረም ጠይቂ። በ38 ዓመታቸው በስድስተኛ እርግዝና ከሆነ ዕድሜያቸው ራሱ አንድ ድርሻ ነበረው፤ በ21 በመጀመሪያ እርግዝና ከሆነ ወደ ዘሩ የበለጠ ያመለክታል።

ወደ ጎረቤትሽ ልምጣ።

የእሷ ልጆች የመጡት ከአንድ እንቁላልና ከአንድ የወንድ ዘር ነው። አንድ ጽንስ ተፈጠረ። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ግማሾች ሙሉ ሰው ለመሆን የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዘዋል። ዲኤንኤያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ጾታቸው፣ የደም ዓይነታቸው፣ የዓይናቸው ቀለም አንድ ነው። የጣት አሻራቸው ግን ይለያያል፣ እሱን ማህፀን ውስጥ ያለው እንቅስቃሴና ቦታም ስለሚቀርጸው።

ይህ መከፈል በቤተሰብ አይሄድም። በአንዳንድ ቤተሰቦች ተደጋግሞ ታይቷል፣ እነዚያ ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። ጠንካራው ማስረጃ ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው ቁጥር ነው። በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ ዮሩባዎች ዘንድ መንታ እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ መጀመሪያ የወጣው ታይዎ፣ ተከትሎ የወጣው ኬሂንዴ ተብሎ ይጠራል። ስሙ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። በጃፓን ደግሞ ሕክምናው ሳይስፋፋ በፊት መንታ በጣም ጥቂት ነበር። ይህ ሁሉ ልዩነት ግን የማይመሳሰሉት ላይ ነው። የሚመሳሰሉት በዮሩባም፣ በጃፓንም፣ በእኛም አገር ከ1000 ወሊድ 4 አካባቢ ናቸው። በዘር ወይም በምግብ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ከአገር አገር ይለያይ ነበር። ጎረቤትሽ የወረሰችው ነገር የለም። በማንኛዋም እናት ላይ ሊሆን የሚችል ነው፣ በአንቺም ላይ በዚያው ልክ።

ጽንሱ የተከፈለበት ቀን ግን ብዙ ነገር ይወስናል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከተከፈለ እንግዴ ልጁን የሚሠሩት ሴሎች ገና አልተለዩም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን እንግዴ ልጅ ይሠራል። ከሚመሳሰሉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንዲህ ናቸው። ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን ከሆነ እንግዴ ልጁ ተጀምሯል፤ ይጋሩታል፣ ነገር ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው የእንሽርት ውሃ ከረጢት ውስጥ ይሆናሉ። ሁለት ሦስተኛው ገደማ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ከዘገየ ከረጢቱንም ይጋራሉ፤ እትብታቸው ሊጠላለፍ ይችላልና ከባድ እርግዝና ነው፣ ደግነቱ ጥቂት ነው። ከ13ኛው ቀን በኋላ ሲሆን ተጣብቀው የሚወለዱት ይመጣሉ።

ከዚህ የሚመጣ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ሁለት እንግዴ ልጅ ከወጣ የማይመሳሰሉ ናቸው» ይባላል። ሐኪሞችም ሲሉት እሰማለሁ። ስህተት ነው። ከላይ እንዳልኩት ከሚመሳሰሉት አንድ ሦስተኛው ሁለት እንግዴ ልጅ አላቸው። በተቃራኒው የማይመሳሰሉ መንታዎች እንግዴ ልጆች ተጠጋግተው ሲያድጉ ተጣብቀው አንድ ይመስላሉ። አንዲት እናት አስታውሳለሁ፤ ሁለት ሴት ልጆች፣ ያኔ የ9 ዓመት። ሲወለዱ ሁለት እንግዴ ልጅ ስለወጣ «አይመሳሰሉም» ተብሎ በወረቀት ተጽፎላታል። ልጆቹ ግን አስተማሪዎቻቸው እንኳ በፀጉር አሠራር ነው የሚለዩዋቸው። የእሷ ጭንቀት ሌላ ነበር። ታላቅ ልጇ ልትዳር ነው፣ «ዘራችን መንታ ነው» እያለች ትፈራላታለች። ውጭ አገር ያለች እህቷ ከጉንጫቸው በጥጥ የተወሰደ ናሙና አስመረመረችላቸው። ቁርጥ አንድ ሆነው ተገኙ። አንድ እንቁላል ነበር፣ ቶሎ የተከፈለ። በታላቅ ልጇ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ይህን ማወቅ ለራሳቸው ለመንታዎቹም ይጠቅማል። በፈረንጆቹ 1954 ቦስተን ውስጥ የተሳካው የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሚመሳሰሉ መንታ ወንድማማቾች መካከል የተደረገ ነበር። የአንዱን ኩላሊት የሌላው ሰውነት እንደ ባዕድ አላየውም። የማይመሳሰሉ መንታ ቢሆኑ ኖሮ በዚያ ዘመን ሰውነቱ ይጥለው ነበር።

ስለዚህ ከጸነስሽ፣ የባልሽ ዘር ኖረም አልኖረ፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አልትራሳውንድ ተነሺ። መንታ ከታየ ያንን ቀን «ይመሳሰላሉ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። «እንግዴ ልጃቸው አንድ ነው ሁለት?» በይ። በእነዚህ ሳምንታት በግልጽ ይታያል። ሁለት እንግዴ ልጅ ከሆነ በሁለቱ ከረጢቶች መካከል ያለው ግድግዳ ሥሩ ላይ ወፍሮ የኛን «ለ» ፊደል ይመስላል፤ በሙያው ላምዳ የምንለው ነው። አንድ እንግዴ ልጅ ከተጋሩ ግድግዳው ስስ ክር ሆኖ ቀጥ ብሎ ያርፋል። እርግዝናው ሲገፋ ይህ ምልክት እየደበዘዘ ስለሚሄድ በስድስተኛ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመጣ እናት ላይ ማወቅ ይከብደናል።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? እንግዴ ልጅ የሚጋሩት የደም ሥሮቻቸውም ስለሚገናኙ ከ10 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ደም ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ሚዛን ይፈሳል። አንዱ ውሃው ይደርቅበታል፣ ሌላው ውሃው ይበዛበታል። ቶሎ ከተደረሰበት በሌዘር የሚታከምበት መንገድ አለ፣ በዝምታ ከተተወ ሁለቱንም ሊያሳጣ ይችላል። እነሱን ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ በአልትራሳውንድ እናያቸዋለን። ሆድሽ በድንገት ቢወጠር ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ በጣም ቢገፋ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው እንግዴ ልጅ ያላቸው ግን ይህ አያሰጋቸውም።

ለባለቤትሽ እህት ይህን ምላሽ አሳያት። ከእናንተ ሁለታችሁ ዕድሏ ከፍ ያለው እሷ ናት፤ ከጸነሰች ሦስተኛ ወሯ ሳያልፍ አልትራሳውንድ ትታይ። በ35ኛ ዓመቷ አካባቢ ከሆነች ወይም የመውለጃ መድኃኒት ልትጀምር ከሆነ ደግሞ ከመጀመሯ በፊት የእናቷንና የአያቷን ታሪክ ለሐኪሟ ትንገር።